ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ጥግ ለምን ባዶ ሆነ?

በ2016 መጀመሪያ ላይ አንድ አነስተኛ የሞባይል ክፍያ ድርጅት ውስጥ የገበያ ሥራ ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የምጽፈው የሠራነውን ስህተት ስለሆነ፣ አብረውኝ የሠሩትን ላሳፍር አልፈልግም። በዋነኛነት ያሳሳትኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ገበያውን ታውቁታላችሁ። ሲቢኢ ብር፣ አሞሌ፣ ሄሎካሽ ቀድመው ነበሩ። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር መጣ። ነሐሴ 2015 ላይ ኤምፔሳ ተጨመረ። ከዚህ ሌላ ባንኮቹ የየራሳቸው አፕ አላቸው። አንድ ሰው ስልኩን ሲከፍት ቢያንስ ሦስት የክፍያ አፕ ታገኙበታላችሁ። እኛ አራተኛ ለመሆን ነው የመጣነው፤ ፈቃድ ያለው ባንክ ጋር ተዳብለን።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአመለካከት ካርታ መሥራት ነበር። ባለሙያዎቹ ፐርሴፕቹዋል ማፕ ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት መስመር አጣልፈህ ታሰምራለህ። እያንዳንዱ መስመር ሰዎች ተፎካካሪዎችን የሚለዩበት አንድ ባህርይ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ተፎካካሪ በሰው አእምሮ ውስጥ በተቀመጠበት ቦታ ነጥብ ታደርጋለህ። ነጥቦቹ የሚታፈኑበትም፣ ማንም የሌለበትም ጥግ ይታይሃል።

አምስት ሆነን ስብሰባ ክፍል ገባን። አንዱን መስመር «ርካሽ–ውድ»፣ ሌላውን «ዘመናዊ–የተለመደ» አልነው። ማንንም አልጠየቅንም። ነጥቦቹን በራሳችን ግምት እየተከራከርን ለጠፍናቸው። «ዘመናዊ እና ርካሽ» የሚለው ጥግ ባዶ ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት ማታ ክትፎ ተጋበዝን።

አራት ወር ሠራንበት። ቀለሙ የሚያምር፣ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ለጓደኛሞች የሚያካፍል፣ ለወጣት የተዘጋጀ አፕ ወጣ። ለተመዘገበ ሁሉ የአየር ሰዓት ስጦታ ሰጠን። ሰው ጎረፈ። ስጦታውን ተቀብሎ ወጣ። ዋሌቱ ውስጥ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ጠፋ። ገንዘብ የሚቀመጠው ሌላው ሰው ያለበት አፕ ላይ ነው፤ ጓደኛህ እዚያ ከሌለ ሒሳብ ከማን ጋር ታካፍላለህ? ጥጉ ባዶ የሆነው ስላልታየ አይደለም። እዚያ ለመቀመጥ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ነው።

ካርታ የምትሠሩ ካላችሁ፣ መስመሮቹን ቢሮ ውስጥ አትምረጡ። ቢሮ ውስጥ የሚመረጠው መስመር ሁልጊዜ እናንተን ቆንጆ የሚያደርገው መስመር ነው። በኋላ ስንጠይቅ «ርካሽ» የሚለው ነጋዴው አፕ የሚለይበት ነገር እንኳን አልነበረም። የአገልግሎት ክፍያው ለሁሉም ተቀራራቢ ስለሚመስለው፣ ስለ ዋጋ ስንጠይቀው ትከሻውን ይነቀንቃል።

ሁለተኛውን ካርታ መንገድ ላይ ሠራነው። ወደ ነጋዴዎች ሄድን፤ መርካቶ፣ መገናኛ፣ ገርጂ። የስድስት አፕ ስም በየካርዱ ጻፍን። ለአንድ ባለሱቅ ሦስት ካርድ እንሰጠዋለን፦ «ከእነዚህ ሁለቱ የሚመሳሰሉት የትኞቹ ናቸው? ሦስተኛው በምን ተለየ?» ሌላ ምንም አንናገርም። ከዚያ ሌላ ሦስት እንሰጠዋለን። ሰውየው በራሱ አፍ ባህርያቱን ያወጣልሃል። «ይሄ ሁሉም ሰው አለው።» «ይሄ ኔትወርክ ሲደክም እንኳ ይሠራል።» «በዚህኛው ሲላክልኝ ወዲያው አውቃለሁ።» ከአሥራ አምስት ነጋዴ በኋላ አዲስ ነገር መስማት አቆምን። ሰባት ባህርይ ይዘን ተመለስን።

ቀጥሎ ማስመዘን ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አሳር አበላን። «ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጡታል?» ስትሉት ሁሉም ነጋዴ «አራት፣ አራት፣ ጥሩ ነው» ይላል። ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። ስለዚህ የጫማ ካርቶን ዘርግተን አምስት ሳጥን ሠራንበት። ስድስቱን ካርድ በአንድ ላይ ሰጥተን «በዚህ ባህርይ በጣም ጥሩ የሆነውን እዚህ፣ በጣም ደካማ የሆነውን እዚያ ያስቀምጡልኝ፤ እኩል የሆኑት አንድ ሳጥን ውስጥ ይግቡ» አልን። ካርድ በእጁ ሲይዝ ሰው ይጨክናል። ጣቱ ሲያመነታ ታያላችሁ፤ አንዱን ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል። የማያውቀውን አፕ ደግሞ ከጠረጴዛው እንዲያወርድ ነገርነው። ሰው የማያውቀውን ከመዘነ ቁጥሩ ወሬ ነው።

በመጨረሻ ሰባተኛ ካርድ ጨመርን። ላዩ ላይ «የልብዎ» የሚል ብቻ ተጽፏል። «እንደ ልብዎ የሚሆን አፕ ቢኖር የት ይቀመጥ ነበር?» ይህችን ካርድ የጨመረችው አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት። እኔ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር።

52 ነጋዴ አስመዘንን። ከዚህ በኋላ ተፎካካሪዎችን በፊደል ነው የምጠራቸው። ቁጥሩ የ52 ሰው አመለካከት ነው፤ የድርጅቶቹ ትክክለኛ ሚዛን አይደለም።

አሁን የሠራሁት ስህተት በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩት ነገር ስለሆነ በደንብ ላብራራው። ሰባት ባህርይ በሁለት መስመር አይገባም፤ መቀነስ አለበት። የተለመደው አቀናነስ ይሄ ነው። ተፎካካሪዎችን የማይለየውን ባህርይ ታወጣለህ። ለምሳሌ «አስተማማኝ ነው» በሚለው ላይ ዝቅተኛው 3.9፣ ከፍተኛው 4.3 ወጣ። ሁሉም እኩል ናቸው ማለት ነው። ይሄ ካርታ ላይ ቢገባ ነጥቦቹን ሁሉ አንድ ቦታ ይከምራቸዋል። «ብዙ ሰው ይጠቀምበታል» የሚለው ግን ከ1.6 እስከ 4.8 ተዘርግቷል። እሱ ይለያል። ይቀራል።

ኤክሴሉን በልዩነት ስፋት ደረደርኩት። ከታች ሁለት ባህርያት ቀሩ። አንዱ «አስተማማኝ ነው»። ሌላው «ሠራተኛዬ ብቻዋን ታረጋግጣለች» የሚል ነበር፤ ዝቅተኛው 1.8፣ ከፍተኛው 2.3። ሁለቱንም ሰረዝኳቸው። በቀሩት አዲስ ካርታ ሠራሁና «ኔትወርክ ሲደክም የሚሠራ» ወደሚል ጥግ ድርጅቱን ልመራው አቆበቆብኩ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የዩኤስኤስዲ አጭር ቁጥር ያላቸው ትልልቆቹ እዚያው ዳር ተቀምጠው እያሉ!

ያዳነኝ አንድ ጁስ ቤት ነው። መገናኛ አካባቢ፣ ከሰዓት በኋላ። ከፊቴ አንድ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስፕሪስ ጠጥቶ ሒሳብ ሊከፍል ቆሟል። 420 ብር። ስልኩን አውጥቶ ላከ፤ ስክሪኑን ለካሸሯ አሳያት። ልጅቷ አየችው፣ ግን አላመነችም። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«ጋሼ፣ 420 ገባ?»

አልተነሳም። ደግማ ደወለች። ጋሼ ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ስልካቸውን ድምፁን አጥፍተውታል። ገንዘቡ የሚገባው በሳቸው ቁጥር፣ ሜሴጁ የሚመጣው በሳቸው ስልክ። ልጁ ተናደደ፦ «ይኸው ተልኳል እኮ! ስክሪንሹቱ ምን ይላል?» ልጅቷ በዝግታ መለሰችለት፦ «ባለፈው እንደዚህ አምኜ ከደሞዜ ተቆርጧል። ሜሴጁ የውሸት ነበር።» ከኋላ ሰልፉ ረዘመ። መጨረሻ ላይ ልጁ መታወቂያውን አስይዞ ወጣ።

መታወቂያው ከካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች ሁለት መታወቂያዎች ጋር ተቀመጠ። እሱን ሳይ ነው የሰረዝኩት ባህርይ ትዝ ያለኝ።

ቢሮ ተመልሼ የተሰረዘውን ረድፍ አወጣሁት። ሁሉም ተፎካካሪ ዝቅ ብሏል። «አስተማማኝ» ላይም ሁሉም እኩል ናቸው፤ ግን ከፍ ብለው እኩል ናቸው። ለኤክሴሉ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነት የለም፣ ሰርዝ። ለገበያ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ሁሉም ከፍ ያለበት ባህርይ የመግቢያ ትኬት ነው፤ ከሌለህ አትገባም፣ ካለህም ማንም አያመሰግንህም። ሁሉም ዝቅ ያለበት ባህርይ ግን ወይ ማንም የማይፈልገው ነው፣ ወይ ማንም ያልያዘው ቦታ ነው። ይህን የሚለየው «የልብዎ» የምትለው ካርድ ብቻ ናት። ተፎካካሪን ከተፎካካሪ ብቻ እያነጻጸርክ ካጸዳህ፣ ባዶውን ቦታ ራስህ ጠርገህ ታወጣዋለህ።

«የልብዎ» ካርድ በዚህ ባህርይ ላይ አማካይዋ 3.7 ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አየውና፦ «ያው መሐል ሰፋሪ ነው። ሞቅ ያለ ፍላጎት አይደለም» አለኝ። ልክ ነበር። 3.7 ማንንም አያስጨፍርም። ግን ያቺ አዲሷ ልጅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየችና «3.7 የሰጠ ሰው እኮ የለም ማለት ይቻላል» አለች። ሰዉ ወይ ሁለት ሰጥቷል፣ ወይ አምስት።

ለሁለት ከፈልናቸው። ከ52ቱ 23ቱ ራሳቸው ሱቃቸው ውስጥ የሚቀመጡ ናቸው። ሜሴጁ በኪሳቸው ይመጣል፤ ስለ ሠራተኛ ምን ገዷቸው? አማካያቸው 2.4 ነው። 29ኙ ግን ካሸር ወይም ሠራተኛ አስቀምጠው ሌላ ቦታ የሚውሉ ናቸው። የነሱ 4.7 ነው። ሁለቱን ስትቀላቅል 3.7 ይመጣል፤ ማንም ሰው የማይኖርበት አድራሻ። ከ29 ሰው የወጣ አማካይ ወደላይም ወደታችም 0.4 ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ 2.1 እና 2.3 ላይ የተቀመጡ ሁለት ተፎካካሪዎችን «ይሄ ይበልጣል» ብዬ አልከራከርም። ከ2.3 እስከ 4.7 ያለው ርቀት ግን በዕድል የሚመጣ አይደለም።

ካርታውን ለነዚህ 29 ሰዎች ብቻ እንደገና ሠራነው። አግድም «ብዙ ሰው ይጠቀምበታል»፣ ሽቅብ «ሠራተኛዬ ብቻዋን ታረጋግጣለች»። ስድስቱም ተፎካካሪዎች ከታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። ከላይ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች። የልባቸው።

እዚህ ላይ ቶሎ አትጨፍሩ። እኛ አንዴ ክትፎ በልተን ስለተቀጣን፣ በዚህኛው ጊዜ ሁለት ነገር አጣራን።

አንደኛ፣ ባህርይው በእርግጥ የለም ወይስ አይታወቅም? የተፎካካሪዎቹን አፕ አንድ በአንድ ከፍተን አየን። «ሐ» ያልነው ለነጋዴ የተለየ አፕ ነበረው፤ ውስጡ ካሸር መጨመሪያም አለው። ከጠየቅናቸው አንድም ሰው አያውቀውም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ። ግን የአመለካከት ካርታ የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ያለውን። ቦታው ክፍት ነው፤ ግን ያለ አጥር ነው። «ሐ» በአንድ ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ከካርታው ጎን ሁልጊዜ ማን ምን እንዳለው የሚያሳይ ዝርዝር ያዙ። ያለዚያ ባዶ ቦታው ስንት ወር እንደሚቆይላችሁ አታውቁም።

ሁለተኛ፣ ሰው ካርድ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ገንዘብ ማውጣት ይለያያል። ሠራተኛ ወዳላቸው 40 ሱቆች አንድ ገጽ ወረቀት ይዘን ሄድን። «በዚህ ኮድ ሲከፈልዎ ማረጋገጫው ለካሸርዎ ስልክ ይደርሳል። በወር 250 ብር፤ የመጀመሪያው ወር አሁን ይከፈላል።» አፑ ገና አልተሠራም። 12 ሱቆች ከፈሉ። «እንዴ፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለው ያልከፈሉትን አልቆጠርኳቸውም። ያመሰገኑን ብዙ ነበሩ።

ለ12ቱ ሦስት ሳምንት በእጅ ሠራንላቸው። አንድ ባልደረባችን የባንኩን የነጋዴ ሒሳብ እያየ ብር በገባ ቁጥር ለካሸሯ በቴሌግራም ይጽፍላታል። «420 ገባ።» የቢሮ ቀልድ ሆኖ ነበር፤ ልጁ ምሳ ሲበላም በአንድ እጁ ይጽፋል። ግን በሁለተኛው ቀን፣ አፑን ስንሠራ ቢሆን ኖሮ ከወራት በኋላ የምናውቀውን ነገር አወቅን። የጁስ ቤት ዋጋ ተደጋጋሚ ነው። ሁለት ደንበኛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እኩል ብር ይከፍላል። «140 ገባ» ቢላት ካሸሯ የማን እንደሆነ በምን ታውቃለች? አንዱ ሳይከፍል በሌላው ሜሴጅ ይወጣል። ስለዚህ የላኪውን ስልክ የመጨረሻ ሦስት ቁጥር ጨመርን። ካሸሯ «መጨረሻው ስንት ነው?» ትላለች፤ ደንበኛው ይናገራል፤ አለቀ።

ሌላም ተማርን። ደንበኛው ኮዱን ትቶ በባለቤቱ የግል ቁጥር ሌላ ዋሌት ላይ ከላከ፣ እኛ አናየውም። ካሸሯ ግን ጥፋቱን የኛ ታደርገዋለች። ሁለት ሱቅ በዚህ ምክንያት ጥለውን ሄዱ። የያዝነው ቦታ ካርታው ላይ ከተሳለው ጠባብ መሆኑን ተቀብለን፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት «በዚህ ኮድ የተከፈለ ብቻ» ብለን አስተካከልን። የባለቤቱንም የግል ቁጥር ከግድግዳው ላይ አስነሳን። ይሄ ከአፑ በላይ ሠርቷል ብል አላጋነንኩም።

የወጣቶቹን አፕ ዘጋነው። ዋሌት መሆናችንንም ቀነስነው፤ ደንበኛው ገንዘቡን የፈለገበት ያስቀምጥ፤ እኛ የተቀባዩ ነን። ለድርጅቱ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። አራት ወር የለፉ ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱ ለቀው ሄዱ። ያንን ካርታ ገና ከመጀመሪያው በነጋዴ ፊት ዘርግቼው ቢሆን ኖሮ አይለቁም ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

እናንተ ስትሞክሩት ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የሰረዛችሁትን ባህርይ አትጣሉት፤ ሌላ ገጽ ላይ አስቀምጡትና «የልብዎ» ካርድ ከፍ ያለችበት ካለ መልሱት። ካርታውን ደግሞ ለሁሉም ሰው በአንድ ላይ አትሥሩ። አማካዩን ከማመናችሁ በፊት ወረቀቶቹን በእጃችሁ አገላብጡ። 52 ወረቀት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በየስድስት ወሩ ያንኑ ካርቶን ይዘን ወደነዚያው ሰፈሮች እንመለሳለን። ያው ሰባት ባህርይ፣ ያው ጥያቄ፤ አንድ ቃል ከቀየራችሁ የድሮው ቁጥር ከአዲሱ ጋር አይነጻጸርም። ባለፈው ጊዜ «ሐ» ከ2.0 ወደ 3.1 ወጥቶ አገኘነው። ካሸር መጨመሪያውን ማስተዋወቅ ጀምሯል። የጁስ ቤቱ ጋሼ ራሳቸው ካርዱን ከቦታው አንስተው አንድ ሳጥን ወደላይ ገፋ አደረጉት። «እነዚህ ሰሞኑን መጥተውብኝ ነበር» አሉኝ። «ልጅቷን ጠይቃት፤ የምትጠቀምበት እሷ ናት።»

ልጅቷ ሒሳብ እየተቀበለች ነበር። ቆሜ ጠበቅኳት።